ወሎ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነው

ማስተርሴን ስማር የአማርትያ ሴን «ፖቨርቲ ኤንድ ፋሚንስ» ደረሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ፣ ከ250 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ነው። ለክፍል ጓደኞቼ እንዳቀርበው የተሰጠኝ ጊዜ አሥር ደቂቃ ነበር። መጽሐፉ አሥር ምዕራፍ አለው፤ እኔም አሥር ስላይድ ሠራሁ፣ ለእያንዳንዱ አንድ። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ድህነት ምን ማለት እንደሆነና እንዴት እንደሚለካ የሚያትቱ ናቸው። መምህሩ ሰዓታቸውን ሲያሳዩኝ ገና ሦስተኛው ላይ ነበርኩ። ሁሉም ሊሰማው የፈለገው የወሎ ረኀብ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ነው።

ጥፋቱ የሰዓት አልነበረም። የመጽሐፉን ማውጫ ይዤ ሐሳቡን ትቼው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ዕድል ሲሰጠኝ ከማውጫው አልጀመርኩም። መግቢያውንና መጨረሻውን ደግሜ አነበብኩ፣ መጽሐፉን ዘጋሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ራሴን ጠየቅሁ፦ ሴን የሚከራከረው ከማን ጋር ነው? መልሱ ሲገኝ ሌላው ራሱ መስመር ያዘ። የሚከራከረው «ረኀብ የሚመጣው እህል ሲያንስ ነው» ከሚሉት ጋር ነው። እሱ የሚለው፣ ሰው የሚራበው እህል ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እህል የሚያገኝበት አቅም ስለጠፋበትም ነው። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፌ የመጀመሪያው ስላይድ አደረግሁት።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብዙ አደከመኝ። የመጽሐፉ ዋና ቃል «ኢንታይትልመንት» ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቼ «መብት» ብዬ ነበር፤ ለጓደኛዬ ሳነብለት «ታዲያ ስለ ሰብዓዊ መብት ነው?» አለኝ። አይደለም። ሴን የሚያወራው አንድ ሰው ባለው መሬት፣ በሬ፣ ጉልበት ወይም ደመወዝ በሕጋዊ መንገድ አምርቶ ወይም ለውጦ ሊያገኝ ስለሚችለው ነገር ነው። ቃሉን ትቼ ይህንኑ በረጅሙ ጻፍኩት። ስላይዱ ላይ ሦስት መስመር ወሰደ፣ ግን አድማጭ አልጠፋብኝም። አንድ ቃል በአንድ ቃል መተካት ማሳጠር ይመስላል፤ አንዳንዴ መሳት ነው።

መጽሐፉ አራት ረኀቦችን ይመረምራል፦ የቤንጋልን፣ የኢትዮጵያን፣ የሳህልንና የባንግላዴሽን። አንዱን ብቻ ወሰድኩ። ክርክሩ በቁጥር ጎልቶ የሚታየው ቤንጋል ላይ ነው፤ በረኀቡ ዓመት በ1943 የነበረው እህል ረኀብ ካልነበረበት ከ1941 ይበልጥ ነበር። ይህችን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስገብቼ ጊዜዬን ለወሎ ሰጠሁ፤ ክፍላችን ውስጥ ቤተሰቦቹ ከዚያ የሆኑ ነበሩና።

ወሎን መምረጥ ግን ወጥመድ አለው። በመጀመሪያው ረቂቄ «ሴን እንደሚለው በወሎ የእህል እጥረት አልነበረም» ብዬ ነበር። ምዕራፉን ስመለከተው እንዲህ አይልም። ድርቁ የወሎን ምርት አውድሟል፤ ሴን ይህን አይክድም። ብዙም አልቀነሰም የሚለው የአገሪቱን ጠቅላላ ምርት ነው። ቀጥሎ የሚጠይቀው ከሌላው ክፍለ ሀገር እህል ለምን ወደ ወሎ አልጎረፈም ብሎ ነው። መልሱም አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ፣ መግዣ ስለሌለው ገበያው አልፈለገውም የሚል ነው። ለዚህ ነው ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ብዙም ያልናረው፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበር። «በወሎ» የምትለው ቃል «በአገሪቱ» የምትለውን ስትተካ ደራሲው ያላለውን አስባልኩት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ስላይድ ስጨርስ ግርጌው ላይ የገጹን ቁጥር በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ገጹን ላገኘው ያልቻልኩት ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የራሴ ፈጠራ ሆኖ ይገኛል።

አንድ ደቂቃ ለገደቡ አስቀረሁ። ሴን ራሱ ሐሳቡ የማይሸፍነውን ይናገራል፤ ለምሳሌ እህል በዘረፋ ሲወሰድ፣ ወይም ሰው ከረኀቡ ይልቅ ተከትሎት በመጣ ወረርሽኝ ሲሞት። ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ክፍል ነው። ያኔ ግን አቅራቢው ደራሲውን ከራሱ በላይ እርግጠኛ ያደርገዋል።

ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ስልኬ ላይ ሰዓት ይዤ ሁለት ጊዜ ተለማመድኩ። በመጀመሪያው አሥራ አራት ደቂቃ ወሰደብኝ፤ የሳህልን ስላይድ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ዕለቱ ሲደርስ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ላይ አበቃሁ። እጁን ያወጣው አንድ ከአፋር የመጣ ልጅ ነበር። «ገበሬው ይሁን፤ አርብቶ አደሩስ?» አለ። ስላይድ አልነበረኝም፣ ገጹ ግን ነበረኝ። ከብቶቹ አለቁ፣ የተረፉትም በእህል ሲለወጡ ዋጋቸው ወደቀ፣ በአዋሽ ዳር ያለው ግጦሽም አስቀድሞ ለንግድ እርሻዎች ተወስዶ ነበር።