«ላፕቶፔ ላሽ አለ» ለመምህር ሲጻፍ

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለጓደኛው በቴሌግራም እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ቲቸር የሰጠን አሳይመንት ነፍ ነው። ላፕቶፔም ላሽ አለ። ለነገ አልደርስም፣ በጣም ደብሮኛል።» ጓደኛው ወዲያው ይገባዋል። ይኸው ጉዳይ ለመምህሩ ሲጻፍ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል።

ብዙዎች የሚጀምሩት ቃል በቃል በመተካት ነው፤ «ነፍ» የነበረው «ብዙ» ይሆናል። «ላሽ አለ» ላይ ሲደርሱ ግን ይቸገራሉ። ላሽ ያለ ሰው ሄዷል፣ ተሰውሯል። ላፕቶፕ ላሽ ሲል ግን ተሰረቀ ወይስ ተበላሸ? ጓደኛው ትናንት አብሮት ስለዋለ ያውቃል፤ መምህሩ አያውቁም። የአራዳ ቋንቋ አብሮ የዋለን ሰው ታሳቢ ስለሚያደርግ ዋናውን መረጃ ሳይናገር ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሆነውን ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፦ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል፤ ከአምስቱ ጥያቄዎች ሦስቱ በደብተር ተሠርተዋል። «ደብሮኛል» ይውጣ፤ መምህሩ ከሚወስኑት ጋር አይገናኝም።

እንዲህ ይሆናል፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሁለተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ። ነገ የሚገባውን አሳይመንት የምሠራበት ላፕቶፕ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶብኛል። ሦስቱን ጥያቄዎች በደብተር ሠርቻለሁ። እስከ ዓርብ ጠዋት ቢያራዝሙልኝ ሁሉንም አጠናቅቄ አስረክባለሁ። አመሰግናለሁ።» ከሥር ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር ይጻፋል።

ቀጥሎ የሚያጋልጠው ግሡ ነው። «እርስዎ» ብሎ የጀመረ ተማሪ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «የሰጠኸን» ወይም «ቢሮህ» ብሎ ይገኛል። በተለይ ከጓደኛ ጋር ከተጻፈው ላይ ገልብጦ ሲለጥፍ እንዲህ ያለው ነገር ያመልጠዋል። ሐሳቡን ትቶ የቃላቱን መጨረሻ ብቻ እየተከተሉ አንድ ጊዜ ማንበብ ይበቃል፦ የሰጡን፣ ቢሮዎ፣ ቢያራዝሙልኝ።

ሌላው ጥፋት ደግሞ ማብዛት ነው። «ለክቡርነትዎ በታላቅ ትሕትና» ብሎ መጀመር መልእክቱን የቀበሌ ማመልከቻ ያስመስለዋል፤ አንዳንድ መምህርም እየቀለደብኝ ነው ሊል ይችላል። ማዕረግ መጥራት ከተፈለገ በእኛ ልማድ «ዶክተር» የሚለው ከራሳቸው ስም ጋር ይሄዳል፣ ከአባታቸው ስም ጋር አይደለም። ማዕረጋቸው ካልታወቀ «መምህር» በቂ ነው።

«አሳይመንት»ን ግን አልነካሁትም። ከውጭ የመጣ ቃል ሁሉ የአራዳ ቃል አይደለም፤ መምህሩም ክፍል ውስጥ የሚሉት አሳይመንት ነው።