ሲፈለግ የማይገኝ ብልሽት

አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚል ብልሽት ከለየለት ብልሽት ይልቅ ባለሙያን ያደክማል። የተቃጠለ ሞተር ባለበት ይገኛል፤ መጣ ሄደት የሚለው ጉድለት ግን ባለሙያው ቴስተሩን ይዞ ሲቀርብ ድምፁን ያጠፋል፣ ዞር ሲል ደግሞ ይመለሳል። በፋብሪካ የመለኪያ መስመሮች ላይ እንዲህ ላለው ችግር በተደጋጋሚ ምክንያት የሚሆኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በደንብ ያልጠበቀ የሽቦ ማሰሪያ፣ ማለትም የላላ ተርሚናል፣ እና ረብሻ የሚያስተላልፍ የመሬት መስመር፣ በሙያው አነጋገር ግራውንድ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምልክት አላቸው። ችግሩ የሚብሰው ሁለቱ በአንድ ጊዜ በአንድ መስመር ላይ ሲገኙ ነው፤ ያን ጊዜ የአንዱ ምልክት የሌላውን ይሸፍናል። የሚከተለው አጭር ታሪክ በአንድ የወተት ማቀነባበሪያ ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ የተመደበ ቴክኒሻን ሁለቱን እንዴት እንደለያያቸው ያሳያል።

ፓስቸራይዘር የሚባለው መሣሪያ ወተትን ቢያንስ 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አሙቆ በዚያ ሙቀት 15 ሰከንድ ያቆየዋል። ሙቀቱ ከ72 በታች ከወረደ አንድ ቫልቭ ወዲያው ተገልብጦ ወተቱን እንደገና እንዲሞቅ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በዚህ ፋብሪካ መሣሪያው የሚሠራው በ75 ዲግሪ ነበር። ለጥቂት ሳምንታት ግን ቫልቩ ያለምክንያት ይገለበጥ ጀመር። የሚሆነው ደግሞ በአብዛኛው ሌሊት ነው፤ ቀን የተሰበሰበው ወተት አመሻሽ ላይ ደርሶ ማምረቻው በሙሉ ኃይል የሚሠራው ያኔ ስለሆነ። የቀን ፈረቃ ባለሙያዎች መሣሪያው ቆሞ ሲፈትሹት ሁሉም ነገር ደህና ነበር። በመጀመሪያ ሴንሰሩን፣ ቀጥሎ ትራንስሚተሩን፣ በመጨረሻም መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለውን የፒኤልሲ ካርድ ቀየሩ። ለውጥ አልመጣም። ዕቃ እየቀየሩ መሞከር ለለየለት ብልሽት አንዳንዴ ያዋጣል፤ ለሚመጣና ለሚሄድ ብልሽት ግን ገንዘብ ከማስወጣቱም በላይ ሽቦ በተነካካ ቁጥር ብልሽቱን ለጊዜው ስለሚያስታግሰው ያሳስታል።

ቴክኒሻኑ ካቻቪቴ ከማንሳቱ በፊት ሁለት ነገር አየ። አንደኛው በወተቱ መስመር ላይ ለብቻው የተተከለው ቴርሞሜትር ነው። ቫልቩ በሚገለበጥበት ቅጽበት ቴርሞሜትሩ ከ75 ዲግሪ ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ወተቱ አልቀዘቀዘም፤ የሚዋሸው ልኬቱ ነው። ሁለተኛው የማንቂያ መዝገቡ ነው። መዝገቡ በጥሞና ሲነበብ ሁለት ዓይነት ክስተት ይዟል። አንዳንዱ መስመር «ሴንሰሩ ተቋርጧል» ይላል። ሌላው ደግሞ ሙቀቱ ከ72 ለጥቂት መውረዱን ብቻ ይጠቅሳል፣ ወዲያው ይመለሳል። ቀን የሚሠሩት ባለሙያዎች ሁለቱን እንደ አንድ ችግር ነበር የቆጠሯቸው። ሁለቱም የሚመጡት ሆሞጅናይዘሩ ሲሠራ መሆኑ ደግሞ ግምታቸውን አጠናከረው። ሆሞጅናይዘር የወተቱን ቅባት በከፍተኛ ግፊት የሚሰባብር የፒስተን ማሽን ነው። ወለሉን ያንቀጠቅጣል፣ ሞተሩም የሚነዳው በኢንቨርተር ነው።

ልኬቱ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ትራንስሚተሩ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው በቮልቴጅ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን ነው፤ 0 ዲግሪ 4 ሚሊአምፔር፣ 100 ዲግሪ ደግሞ 20 ሚሊአምፔር ይሆናል። በዚህ ስሌት 75 ዲግሪ 16 ሚሊአምፔር ነው፣ ቫልቩ የሚገለበጥበት 72 ዲግሪ ደግሞ 15.52። ፍሰቱ ከ3.6 በታች ከወረደ ፒኤልሲው ሽቦው ተቆርጧል ብሎ ይደመድማል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም በመንገዱ ላይ ትንሽ እክል ቢፈጠር እንኳ ልኬቱ አለመዛባቱ ነው። መስመሩ 24 ቮልት ያገኛል፣ ትራንስሚተሩ ለመሥራት 12 ቮልት ይበቃዋል፣ ፒኤልሲው በር ላይ ያለው 250 ኦም ሬዚስተር ደግሞ 4 ቮልት ይወስዳል። የቀረው 8 ቮልት ወደ 500 ኦም የሚደርስ ተጨማሪ እክል ይችላል። ግማሽ የላላ ተርሚናል የሚጨምረው ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ ትራንስሚተሩ በራሱ ላይ የሚያርፈውን ቮልቴጅ ቀንሶ ፍሰቱን እንዳለ ያቆየዋል፣ በስክሪኑም ላይ ምንም አይታይም። የሚታየው ሽቦው ጭራሽ ሲለቅ ብቻ ነው። በመሆኑም የላላ ተርሚናል በእንዲህ ዓይነት መስመር ላይ የሚያሳየው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ምንም፣ ወይ ድንገተኛ መቋረጥ። ከ75 ወደ 71.9 ዝቅ ብሎ መመለስ የእሱ ጠባይ አይደለም። መዝገቡ ላይ ያሉት ሁለት ክስተቶች ሁለት ምንጭ ሊኖራቸው እንደሚችል የጠቆመው ይህ ልዩነት ነው።

ቴክኒሻኑ መስመሩን ሳይቆርጥ ቴስተሩን በ250 ኦሙ ሬዚስተር ሁለት ጫፍ ላይ አስቀመጠ። በ16 ሚሊአምፔር እዚያ ላይ 4 ቮልት መነበብ አለበት፣ ተነበበም። ከዚያ ቴስተሩን MIN/MAX ወደሚለው አሠራር ቀይሮ ዝቅተኛውን ንባብ እንዲይዝለት ተወው። ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ ዝቅተኛው ንባብ ዜሮ ነበር። ሽቦው በእርግጥ እየለቀቀ ነው፤ የት እንደሆነ ማወቅ ቀረ።

ኦፕሬተሩ ስክሪኑን እያየ ቴክኒሻኑ ከመቆጣጠሪያው ተነስቶ ወደ ሴንሰሩ በየማገናኛ ሳጥኑ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቀስታ ሳብ ሳብ አደረገ። ይህ ፍተሻ ወተት እየሄደ ሊደረግ የቻለው ሽቦው ቢለቅ ቫልቩ ወተቱን ወደ ኋላ ስለሚመልሰው፣ ማለትም ስህተቱ ወደ ደህንነት ስለሚያደላ፣ ሳጥኖቹም ከ24 ቮልት በላይ ስለሌለባቸው ነው። 380 ቮልት ያለበት ፓኔል በር ተከፍቶ እንዲህ አይደረግም። ሆሞጅናይዘሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ አንዱ ሽቦ ሲነካ ኦፕሬተሩ «ጠፋ!» ብሎ ጮኸ።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ከቀጫጭን ክሮች የተሠራው ሽቦ ጫፉ ላይ የሚጠለቀው የብረት ቱቦ፣ ፌሩል የሚባለው፣ አልነበረውም። ሽቦውን ያሰረው ሰው ሽፋኑን በበቂ ስላልላጠው ብሎኑ የነከሰው ከፊሉን መዳብ፣ ከፊሉን ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ይሰምጣል፣ ሆሞጅናይዘሩ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ያንቀጠቅጠዋል። ማምረቻው ለአፍታ ሲቆም ቴክኒሻኑ ጫፉን ቆርጦ በአዲስ ላጠው፣ ፌሩል አጠለቀለት፣ ብሎኑንም በአምራቹ ልክ አጠበቀ። በዚህ መጠን ላሉ ትናንሽ ተርሚናሎች ልኩ ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 0.8 ኒውተን ሜትር ነው። ከልክ በላይ ማጥበቅ ክሮቹን ይቆርጣል። ጫፉን በሊድ መበየድም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሊድ በብሎን ጫና ሥር ቀስ በቀስ ስለሚፈስ ማሰሪያው ከወራት በኋላ ራሱ ይላላል።

«ሴንሰሩ ተቋርጧል» የሚለው ማንቂያ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ብዙ የጥገና ሥራ እዚህ ላይ ይዘጋል፣ የላላ ብሎን ማግኘት ደስ ያሰኛልና። ቫልቩ ግን ሆሞጅናይዘሩ እንደተነሳ አሁንም አልፎ አልፎ ይገለበጥ ነበር። ቴክኒሻኑ ቴስተሩን በዚያው ሬዚስተር ላይ ትቶ ከዲሲ ወደ ኤሲ ቮልት ለወጠው። ሆሞጅናይዘሩ ሲቆም ጥቂት ሚሊቮልት፣ ሲሠራ 90 ሚሊቮልት ያህል አነበበ። ትንሽ ቢመስልም በ250 ኦም ሲካፈል 0.36 ሚሊአምፔር ነው፤ የማዕበሉ ጫፍ ደግሞ 0.51 ገደማ ይደርሳል። ከ16 ላይ 0.51 ሲቀነስ 15.49 ይቀራል፣ ቫልቩን ከሚገለብጠው 15.52 በታች። ፒኤልሲው ልኬቱን የሚያነብበት ቅጽበት ከማዕበሉ ዝቅተኛ ጫፍ ጋር ሲገጥም ወተቱ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ኢንቨርተር የሚያመነጨው ረብሻ በሺዎች የሚቆጠር ሄርዝ ስላለበት ተራ ቴስተር በሙሉ አያነበውም፤ ቁጥሩ አቅጣጫ ጠቋሚ እንጂ ትክክለኛ ልኬት አይደለም። ትክክለኛውን ለማየት ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል።

ረብሻው የሚገባበትን መንገድ ለማግኘት ቴክኒሻኑ የግራውንዱን ጉዞ ተከተለ። የሴንሰሩ ገመድ ከረብሻ የሚጠብቀው የብረት ሽፋን፣ ማለትም ሺልድ፣ ፓኔሉ ውስጥ ካለ የመዳብ ዘንግ ጋር ታስሯል፤ በሌላው ጫፉም የሴንሰሩን ብረት አካል ነክቷል። የኢንቨርተሩም የመሬት ሽቦ የታሰረው በዚያው ዘንግ ላይ ነው። ኢንቨርተሩ በሥራ ላይ ሳለ የተወሰነ ፍሰት በመሬት ሽቦው ማስወጣቱ ጤናማ ነው፣ እስከ ዋናው መሬት ድረስ ጥሩ መንገድ ካገኘ። በዘንጉና በዋናው የመሬት ማሰሪያ መካከል ግን ሆሞጅናይዘሩ ሲሠራ 0.9 ቮልት ተነበበ። ኃይል ተቋርጦና ተቆልፎ በኦም ሲለካ ደግሞ መካከላቸው 3 ኦም አለ፤ እንዲህ ያለው ግንኙነት ከ0.1 ኦም ሊበልጥ አይገባም። ዘንጉን ከዋናው ጋር የሚያገናኘው ብሎን በቀለም ላይ ታስሮ፣ በእጥበት ውሃ ዝጎ ነበር። መውጫ ያጣው 0.3 አምፔር ፍሰት ከፊሉ በሺልዱ በኩል ወደ ሴንሰሩ እየዞረ ልኬቱን ይንጠዋል።

ከረብሻው ይልቅ የሚያስፈራው ይህ 3 ኦም ነው። ያ ዘንግ ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቅ መስመር ጭምር ነው። አንድ ፌዝ የማሽኑን አካል ቢነካ፣ 220 ቮልት ለ3 ኦም ሲካፈል የሚፈሰው 73 አምፔር ያህል ብቻ ነው። ባለ63 አምፔር ብሬከር ይህን በፍጥነት አይቆርጠውም፤ እስኪቆርጥ ድረስ ማሽኑን የነካ ሰው ከሙሉ ቮልቴጅ ጋር ተያይዞ ሊቆይ ይችላል። ረብሻን ለማጥፋት ሲሉ የመሬት ሽቦን የሚፈቱ፣ ወይም ለሴንሰሮች ብቻ ሌላ የመሬት ዘንግ ለብቻው የሚቀብሩ አሉ። የመጀመሪያው በሕይወት መጫወት ነው። ሁለተኛውም ቢሆን ሁለቱ መሬቶች ካልተገናኙ በመካከላቸው ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት ያሰፋዋል እንጂ አይፈውስም። በፒኤልሲው ፕሮግራም የሁለት ሰከንድ ማዘግያ እናስገባ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ያ ግን በእርግጥ የቀዘቀዘ ወተትም ሁለት ሰከንድ እንዲያልፍ መፍቀድ ይሆናል።

ጥገናው ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ፍቆ፣ አዲስ የሽቦ ጫፍ በባለጥርስ ሮንዴላ ማሰር ነበር። የኢንቨርተሩ የመሬት ሽቦ በራሱ አጭር መንገድ በቀጥታ ወደ ዋናው ማሰሪያ ሄደ። ሺልዱ በፓኔሉ በኩል ብቻ ታስሮ ቀረ፣ የሴንሰሩ ጫፍ ግን ተሸፈነ። የኋለኛው በሁሉም ቦታ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ የረብሻው ድግግሞሽ በጣም ከፍ ያለ ከሆነና የመሬት መስመሩ ጠንካራ ከሆነ ሺልድን በሁለቱም ጫፍ ማሰር ይመረጣል። በዚህ መስመር ላይ ግን ችግሩ በሺልዱ ውስጥ የሚዞረው ፍሰት ስለነበረ አንዱን ጫፍ መክፈት በቂ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሆሞጅናይዘሩ እየሠራ በሬዚስተሩ ላይ የተነበበው ኤሲ ቮልቴጅ 6 ሚሊቮልት ነበር፤ በዘንጉና በዋናው ማሰሪያ መካከል ያለውም ወደ ዜሮ ወረደ።

መጣ ሄደት የሚል ብልሽት መጠገኑን ማረጋገጥም የራሱ ስሌት አለው። ብልሽቱ በሁለት ክስተት መካከል ሦስት ሰዓት ድረስ ዝም ይል ከነበረ የአራት ሰዓት ጸጥታ ምንም አይመሰክርም፤ ከረጅሙ የዝምታ ጊዜ ብዙ እጥፍ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቴክኒሻኑ ሆሞጅናይዘሩ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ፍጥነቱ እንዲሠራ አስደርጎ ቴስተሩን በዚያው MIN/MAX አሠራር ሌሊቱን ሙሉ ተወው። ለቀን ፈረቃ ባስረከበው መዝገብ ላይ 4 ቮልት፣ 6 ሚሊቮልት የሚሉት ንባቦች ከተወሰዱበት ተርሚናል ቁጥር ጋር ሰፍረዋል፤ ማንቂያው ሳይመለስ ሙሉ ሳምንት እስኪሞላም የሥራ ትዕዛዙ እንዳይዘጋ ተጽፏል።