ከቶኪዮ ኦሳካ በባቡር፦ 2 ሰዓት ተኩል፣ 4 ሰዓት ወይስ 9 ሰዓት?

ሶስት ጓደኛሞች ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቶኪዮ ጣቢያ ተነሱ እንበል። ሁሉም የሚሄዱት ወደ ኦሳካ ነው። አንደኛው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። ሁለተኛዋ 5 ሰዓት አካባቢ። ሶስተኛው ግን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ነው የሚገባው። ከሶስቱ የተሸወደው ማነው? ብዙ ሰው ሶስተኛውን ይላል። እኛ ሒሳቡን ስንሠራው ግን ሌላ ነገር አገኘን። (ዋጋዎቹ እ.ኤ.አ. የ2025 ናቸው፣ ለአንድ ጉዞ።)

የመጀመሪያው የተሳፈረው ኖዞሚ ላይ ነው። ኖዞሚ ከጃፓን ፈጣን ባቡሮች (ሺንካንሰን) ዋናው ነው። መሃል ላይ የሚቆመው አራት ቦታ ብቻ ነው፦ ሺናጋዋ፣ ሺን-ዮኮሃማ፣ ናጎያ እና ኪዮቶ። ወንበር ቀድሞ ለተያዘበት ትኬት በመደበኛ ወቅት 14,720 የን ይከፈላል።

ሁለተኛዋ የያዘችው ኮዳማን ነው። እዚህ ጋ ልብ በሉ። ኮዳማም ሺንካንሰን ነው። ሐዲዱ ያው፣ ባቡሩም ያው፣ ከፍተኛው ፍጥነትም ያው በሰዓት 285 ኪሎ ሜትር። ታዲያ ለምን 4 ሰዓት ይፈጅበታል? አንደኛ፣ መሃል ላይ ባሉት 15 ጣቢያዎች ሁሉ ይቆማል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ጣቢያዎች ላይ ጥግ ይዞ ከኋላው የሚመጣውን ኖዞሚ ያሳልፋል። ማለትም ኮዳማ የሚዘገየው ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ሳይሆን ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው።

ዋጋው ግን 14,400 የን ነው። ከኖዞሚ የሚቀንሰው 320 የን ብቻ! ይባስ ብሎ ወንበር ሳይያዝ ለሚገዛ ትኬት የሁለቱም ዋጋ እኩል 13,870 የን ነው። ስለዚህ እስከ ኦሳካ ለሚሄድ ሰው ኮዳማን በመደበኛ ዋጋ መግዛት፣ በአንድ ዓይነት ብር አንድ ሰዓት ተኩል መጣል ነው። የተሸወደችው እሷ ነች። (በዓመት በዓልና በትልልቅ የዕረፍት ቀናት ግን ኖዞሚ ላይ ወንበሮቹ በሙሉ ቀድመው የሚያዙ ናቸው።)

ኮዳማ ታዲያ ለማን ነው? ኖዞሚ የማይቆምባቸው ከተሞች ለሚወርድ፣ ለምሳሌ ለአታሚ። ሌላው ፑራቶ ኮዳማ የሚባለውን ቅናሽ ለሚገዛ ነው። ይሄኛው በርከት ያለ ገንዘብ ያተርፋል፣ አንድ የሚጠጣ ነገርም ይጨምራል። ግን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት መገዛት አለበት፣ የሚሠራውም ለተመረጠው ባቡር ብቻ ነው። ያ ባቡር ካመለጠ ትኬቱ አለቀ።

ሶስተኛው ጓደኛችን በተራ ባቡር ነው የሄደው። የሺንካንሰን ትኬት ዋጋ ሁለት ነገር የተደመረበት ነው፦ የመንገዱ ሒሳብ እና የፍጥነቱ ጭማሪ። ተራ ባቡር ላይ ጭማሪው ስለማይከፈል ዋጋው 8,910 የን ነው። ከኖዞሚ 5,810 የን ያተርፋል። ግን አንድ ባቡር ቀጥታ ኦሳካ አያደርሰውም። እንደ አታሚ፣ ሃማማትሱ፣ ቶዮሃሺ እና ማይባራ ያሉ ጣቢያዎች ላይ እየወረደ ይቀይራል። የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ከ80 በላይ ናቸው። ከማይባራ በኋላ ብዙ ጣቢያ የሚዘል ተራ ባቡር ስላለ ትንሽ ይፈጥናል፣ ጭማሪም አይጠይቅም።

እስቲ እናካፍለው። 5,810 የን ለማትረፍ 6 ሰዓት ተኩል ተጨማሪ ይቀመጣል። በሰዓት ወደ 890 የን ማለት ነው። በቶኪዮ የአንድ ሰዓት ዝቅተኛ ደሞዝ ከ1,100 የን በላይ ስለሆነ፣ ሥራ ላለው ሰው ብዙም አያዋጣም።

ሒሳቡ የሚገለበጠው በሰይሹን 18 ትኬት ነው። በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅቶች ብቻ ይሸጣል፣ በስሙ 18 ቢኖርም የዕድሜ ገደብ የለውም። በ10,000 የን ለ3 ተከታታይ ቀን ተራ ባቡር የፈለጉትን ያህል ያሳፍራል፣ ሺንካንሰን ላይ ግን አይሠራም። ኦሳካ ደርሶ መልስ በኖዞሚ 29,440 የን ሲሆን በዚህ 10,000 ብቻ ነው። ትርፉ 19,440 የን፣ ተጨማሪው ጊዜ 13 ሰዓት። በሰዓት ወደ 1,500 የን መጣ! ተማሪዎች የሚወዱት ለዚህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በተራ ባቡር ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው ኦሳካ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት ነው። መሃል ላይ አንድ ባቡር ካመለጠው የሚቀጥለው ላይኖር ይችላል፣ ያኔ ያተረፈው ብር ለሆቴል ይሄዳል። ጠዋት ተነሱ።

በአጭሩ፦ ሰዓት ካነሳችሁ ኖዞሚ፣ ብር ካነሳችሁና ወቅቱ ከገጠመ ሰይሹን 18፣ ኮዳማን ደግሞ በቅናሽ ብቻ።