ሳይተያዩ አንድ አገር

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1928፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ከልዩ ልዩ ደሴቶች የመጡ ወጣቶች ተሰብስበው ቃል ገቡ፦ አገራችንም ሕዝባችንም ኢንዶኔዥያ ነው፤ የሚያግባባን ቋንቋም የኢንዶኔዥያ ቋንቋ ነው አሉ። ሱፕራትማን የተባለ ጋዜጠኛ ለዚህች አገር የደረሰውን መዝሙር በቫዮሊን ተጫወተ። የኔዘርላንድ ገዢዎች እንዳይቆጡ ግጥሙ አልተዘመረም። በዚያ ዕለት ኢንዶኔዥያ የሚባል መንግሥት ገና አልነበረም፤ አገሪቱ ነፃነቷን ያወጀችው ከ17 ዓመት በኋላ ነው።

ያልነበረ አገር እንዴት በልብ ውስጥ አደረ? ኢንዶኔዥያን ሲያጠና የኖረው ምሁር ቤኔዲክት አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ብሔርን «ምናባዊ ማኅበረሰብ» ብሎታል። ምናባዊ ሲል ሐሰት ማለቱ አይደለም። ሰው አብዛኛውን ወገኑን ዕድሜውን ሙሉ አያየውም፤ አንድነቱን የሚያውቀው በሐሳቡ ሥሎ ነው ማለቱ ነው።

ለዚህ ሥዕል ቀለም ያቀበለው ጋዜጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ቲርቶ አዲ ሱርዮ በጃቫ ደሴት «ሜዳን ፕሪያዪ» የተባለ ጋዜጣ በማላይ ቋንቋ ማሳተም ጀመረ። እንዲህ ያለ ጋዜጣ የገለጠ አንባቢ፣ የማያውቃቸው ሰዎችም ያንኑ ገጽ እያነበቡ እንደሆነ ይገባዋል። የሩቅ ደሴት ወሬና የሰፈሩ ወሬ በአንድ ቀን ስም ጎን ለጎን ሲታተሙ፣ የሩቁ ሰው ጉዳይ የራሱ ጉዳይ ይሆናል።

ቋንቋውም ታስቦበት የተመረጠ ነው። ብዙ ተናጋሪ የነበረው ጃቫኛ ነበር። ነገር ግን ጃቫኛ ከ«አንተ» እና «እርስዎ» አልፎ፣ እንደ አድማጩ ማዕረግ ስሙንም ግሱንም ይለዋውጣል። ማላይኛ ግን የወደብና የገበያ መግባቢያ ነበር፤ የትልቁ ሕዝብ ቋንቋ ስላልሆነም ሌሎቹ ተዋጥን ብለው አልፈሩትም።

ይሁን እንጂ ምልክት ብቻውን አገር አይሠራም። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1975 የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት የነበረችውን ምሥራቅ ቲሞርን ወረረች። ባንዲራዋን ሰቀለች፣ ልጆቹን በቋንቋዋ አስተማረች። እ.ኤ.አ. በ1999 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ግን 78.5 በመቶው ተለይቶ መኖርን መረጠ። የ1928ቱ ወጣቶች ያንን ስም በራሳቸው አንደበት ጠርተውታል፤ ለቲሞር ልጆች ግን ባንዲራውም ቋንቋውም የመጣው ቤተሰባቸውን ከገደለው ጦር ጋር ነው። አብረው ያላለሙትን አገር በመዝሙር ብዛት የራሳቸው ማድረግ አልተቻለም።