ፈቃድ የተጠየቀበት ትውውቅ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ የሕንፃ ኮሚቴ ፓምፕ መግዛት ፈልጓል እንበል። ሕንፃው ጂ+4 ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ላይኞቹ ፎቆች ጋ አይደርስም። ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ ግቢ ውስጥ አስቀምጧል። የቀረው ከሮቶው ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ሙያው ሒሳብ ነው። እዚያው ሰፈር የውሃ መስመር ዲዛይን የምትሠራ መሐንዲስ አለች። ሁለቱን የሚያውቅ ወዳጅም በመካከል አለ።

የለመድነው መንገድ አጭር ነው፦ «ቁጥሯን ልስጥህ፤ እኔ ነኝ የላክሁህ በላት።» ሰውየው ይደውላል። መሐንዲሷ ሳይት ላይ ናት፣ ቁጥሩን አታውቀውም፣ ስለ ምን እንደሆነም ፍንጭ የላትም። ብታነሳው እንኳ በወዳጅ ስም የመጣን ሰው «አይመቸኝም» ማለት በእኛ ባህል ከባድ ነው። ስለዚህ እሺ ትላለች፤ ከዚያ ስልኩን ማንሳት ትተዋለች። ሰብሳቢው ይቀየማል፣ ወዳጅየውም ከሁለቱም ወገን ያፍራል። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ እሷም ቃል አባይ አይደለችም። የተበላሸው ስልኳ ከመሰጠቱ በፊት ስላልተጠየቀች ነው።

የትውውቅ ኢሜይል ይህን ለማስቀረት የተለመደ አሠራር ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ደብዳቤ ይገናኛሉ፤ ደብዳቤው ግን የሚጻፈው ሁለቱም ለየብቻ ተጠይቀው ከፈቀዱ በኋላ ነው። ዋናው ሥራ ያለው ከደብዳቤው በፊት ነው።

አገናኙ መጀመሪያ የሚጽፈው ለፈላጊው ነው። «ጉዳይህን በአምስት ስድስት መስመር ጻፍልኝና ለአንድ ባለሙያ እንዳለ ላስተላልፈው» ይለዋል፤ የባለሙያዋን ስም ግን አይነግረውም። ሰብሳቢው ስንት ቤት እንዳለ፣ ሮቶው ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ውሃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ ከባለሙያ የሚፈልገው ምክር ብቻ ይሁን ሙሉ ዲዛይን፣ ክፍያም እንዳለው ይጽፋል። እነዚህን መጻፍ ካልቻለ ጉዳዩ ገና አልበሰለም ማለት ነው፤ ይህንን ቀድሞ ማወቅም ጥቅም አለው።

ቀጥሎ አገናኙ የሰብሳቢውን ጽሑፍ ለመሐንዲሷ ይልካል፤ ከራሱም ጥቂት ቃል ይጨምራል፦

«ከታች ያለውን አንብቢው። የሚመችሽ ከሆነ በኢሜይል ላገናኛችሁ። ካልተመቸሽ ሌላ ሰው እንዲፈልግ እነግረዋለሁ፤ ስምሽን ገና አልጠቀስኩለትም።»

የመጨረሻዋ ሐረግ ብዙ ትሠራለች። እምቢ ብትል የሚያዝንባት ሰው የለም፤ መጠየቋን የሚያውቀው አገናኙ ብቻ ነውና። ይሉኝታ የሚይዘን ሌላ ሰው ሲያየን ነው፤ እዚህ የሚያይ የለም። ጥያቄው በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ መምጣቱም ለማሰብ ጊዜ ይሰጣታል። በስልክ ሲሆን ዝምታው ስለሚከብድ እሺታው ቶሎ ይወጣል።

መልሱ ሲመጣ ማንበብ ማወቅ ያስፈልጋል። «እሺ፣ ችግር የለውም»፣ «አንተ ካልክ ምን አደርጋለሁ»፣ «እስቲ እናያለን» የሚሉት የይሉኝታ መልሶች ናቸው። እውነተኛ ፈቃድ ዝርዝር አለው፦ «ቅዳሜ ጠዋት እችላለሁ»፣ «በኢሜይል ይሁን፣ ስልኬን አትስጠው»፣ «ፓምፕ መምረጥ ላይ አግዛለሁ፣ ገጠማ ግን አልሠራም»። ዝርዝር የሌለው እሺታ ሲመጣ አገናኙ አንድ ጊዜ ደግሞ መጠየቅ አለበት፤ ያኔም ካልጠራ እንደ እምቢታ ይቁጠረው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚቸኩል ይመስለኛል፤ አብዛኛው የከሸፈ ትውውቅ የሚከሽፈውም እዚሁ ነው።

አገራችን ውስጥ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ፈቃድ የሚለው ነገር ሕጋዊ መልክም ይዟል። ለሁለት ወዳጆች ግን ከሕጉ በፊት የሚቀድመው መከባበሩ ነው።

አሁን ደብዳቤው ይጻፋል። የሁለቱም አድራሻ `To` ላይ ይገባል።

«ርዕስ፦ ትውውቅ፦ የሕንፃ ውሃ ፓምፕ ምርጫ፣ ቦሌ አራብሳ

ይድረስ ለኢንጂነር እገሊትና ለአቶ እገሌ፣

ሁለታችሁም በዚህ ጉዳይ በኢሜይል እንዳገናኛችሁ ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ኢንጂነር፣ አቶ እገሌ የ30 አባወራዎች ሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ አላቸው፤ ፓምፑን ከመግዛታቸው በፊት አቅሙን የሚወስንላቸው ባለሙያ ይፈልጋሉ። ለምክሩ እንደሚከፍሉ ገልጸዋል።

አቶ እገሌ፣ ኢንጂነር እገሊት የሕንፃ ውሃ መስመር ዲዛይን ይሠራሉ። አንድ ሥራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለ ዋጋቸው ግን የማውቀው ስለሌለ በቀጥታ ብትነጋገሩ ይሻላል። ቅዳሜ ጠዋት እንደሚመቻቸው ነግረውኛል።

አቶ እገሌ ቀድመው ይጻፉ። እኔ ከዚህ በኋላ ከመካከል እወጣለሁ።»

ለመሐንዲሷ በግል «አንቺ» ያላት ሰው እዚህ «እርስዎ» ብሏታል። ሁለት ሰው በሚያነበው ደብዳቤ አንዱን «እርስዎ»፣ ሌላውን «አንቺ» ማለት ሳይታሰብ ደረጃ ያወጣል፤ ባለሙያዋን ታናሽ ያደርጋታል፣ ዋጋ ስትደራደርም ይከተላታል። «አንድ ሥራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለውም እንዲሁ የታሰበበት ነው። እኛ ዘንድ ያገናኘ ሰው እንደ ዋስ ይታያል፤ ስለዚህ አገናኙ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ይመሰክራል፣ ከዚያ ያለፈውን ለሁለቱ ይተወዋል።

አድራሻውን በእጅ አለመጻፍ ይሻላል። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው፦ ፀሐይ `Tsehay` ወይም `Tsehai` ሊሆን ይችላል። አንድ ፊደል ሲሳት የሰው ጉዳይ የማያውቁት ሰው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከቀደመ ኢሜይል ቀድቶ መለጠፍ ነው።

ሰብሳቢው ሲመልስ መሐንዲሷን `To` ላይ አስቀምጦ አገናኙን ወደ `Bcc` ያወርደዋል። አገናኙ ይህን አንድ መልስ ያያል፤ ከዚያ በኋላ መሐንዲሷ `Reply all` ብትል እንኳ ወደ እሱ አይሄድም። ግንኙነቱ መጀመሩን አውቋል፣ የዋጋ ድርድሩን ግን አያነብም። አገናኙ ራሱ ከ`Bcc` ላይ ሆኖ `Reply all` እንዳይል ይጠንቀቅ፤ ካለ ተደብቆ ሲያነብ የነበረ ይመስላል።

ቀጠሮው ላይ «ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። «ቅዳሜ 4:00» ብቻ ከተባለ ቀኑን ሙሉ ከውጭ ድርጅት ጋር የምትሠራ መሐንዲስ በፈረንጅ ሰዓት ቆጥራ ከሰዓት በኋላ አድርጋ ልትረዳው ትችላለች፤ ስልኳ ላይ ያለው ካላንደርም ጠዋት 4 ሰዓትን `10:00` ብሎ ነው የሚይዘው።

ሰብሳቢው ሳምንት ሙሉ ካልጻፈ አገናኙ የሚያስታውሰው እሱን ብቻ ነው፣ በግል። ለሁለቱም መጻፍ መሐንዲሷን ያለ ጥፋቷ ጉዳዩ ውስጥ ይከታታል። ከተገናኙ በኋላ ስልኳን መስጠት ከፈለገች ራሷ ትሰጠዋለች።