ሰዓቱ ትንፋሽ ሳይለካ ኦክስጅን እንዴት ይቆጥራል?

ከሩጫ በኋላ የእጅ ሰዓቱ VO2 Max ብሎ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ 48 እንበል። ሰውነት እስከ አቅሙ ጫፍ ሲሠራ በደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 48 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይጠቀማል ማለት ነው። በቤተ ሙከራ ይህን ለማወቅ ሯጩ ጭንብል አጥልቆ መሮጫ ማሽን ላይ ይወጣል፤ መሮጥ እስኪያቅተው ድረስ ፍጥነቱ እየተጨመረበት የሚያስገባውና የሚያስወጣው አየር ይለካል። ሰዓቱ ግን ስለ ትንፋሽ የሚያውቀው ነገር የለም። የያዘው የልብ ምትን፣ ከሳተላይት ያገኘውን ፍጥነት፣ ባለቤቱ የሞላለትን ዕድሜና የመሳሰለውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ያሰላል። የሚተማመነው በአንድ እውነታ ላይ ነው፦ ከሶምሶማ ጀምሮ እስከ አቅም ጫፍ አካባቢ የልብ ምትና የኦክስጅን ፍጆታ ተያይዘው፣ ከሞላ ጎደል በእኩል መጠን ይጨምራሉ። ሯጩ በምቾት በሚሮጥበት ፍጥነት ሁለቱ የት እንደደረሱ ከታወቀ፣ ልብ ጣሪያዋን ስትነካ ኦክስጅኑ ስንት እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ኩባንያዎች ቀመራቸውን ሙሉ በሙሉ ባይገልጡም፣ አሠራሩን በታወቀው የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ቀመር መከተል አያስቸግርም።

የ40 ዓመት ሰው በሜዳማ አስፋልት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ በደቂቃ 167 ሜትር ገደማ ነው። ቀመሩ ለእያንዳንዱ ሜትር 0.2 ሚሊ ሊትር ያስባል፤ ይህም 33.3 ይሆናል። ሰውነት ያለ ሥራም የሚጠቀምበት 3.5 ሲታከልበት 36.8 ይመጣል። ልቡ በዕረፍት 60፣ አሁን 150 ትመታለች። ጣሪያውን ሰዓቱ ከ220 ላይ ዕድሜውን ቀንሶ 180 ይለዋል። ከ60 እስከ 180 ካለው 120 ምት ውስጥ 90ውን፣ ማለትም ሦስት አራተኛውን ተጠቅሟል። 33.3 ሦስት አራተኛ ከሆነ ሙሉው 44.4 ነው፤ 3.5 ሲመለስበት 48 ገደማ ይሰጣል።

የ220ው ሕግ ግን የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ በአንድ ሰው ላይ በ10 ምት ወይም ከዚያ በላይ መሳቱ የተለመደ ነው። የዚህ ሰው እውነተኛ ጣሪያ 192 ቢሆን፣ ያው ሩጫ 52 ይሰጠዋል። 170 ቢሆን 44 ይሆናል። ሰውነቱ ቅንጣት ሳይለወጥ የስምንት ነጥብ ልዩነት የመጣው ከአንድ ግምት ነው። እኔ ብሆን ቁጥሩን ከማመኔ በፊት መጀመሪያ የምፈትሸው ይህን ቦታ ነው፤ በእውነተኛ ውድድር መጨረሻ የታየ ከፍተኛ ምት ከዕድሜ ስሌቱ እጅግ የተሻለ ነው።

ሌላው ችግር ራሱ ምቱ ነው። ከሰዓቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ብርሃን በቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም ይከታተላል፤ ማሰሪያው ከላላ ግን የክንድን መወዛወዝ እንደ ምት ሊቆጥር ይችላል። ሩጫው ገና ሲጀመር ምቱ 170 አካባቢ ዘሎ ከደቂቃ እርምጃ ብዛት ጋር ተመሳስሎ ከቀጠለ፣ የተለካው እግር እንጂ ልብ አይደለም። በደረት ላይ የሚታሰረው መለኪያ ከዚህ ስሕተት ይድናል።

ከሁሉ የረቀቀው ግን በዚያች 0.2 ውስጥ ነው። ሰዓቱ አንድን ሜትር መሮጥ ሁሉንም ሰው ተመሳሳይ ኦክስጅን ያስወጣዋል ብሎ ይነሣል። ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሲለካ በአንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 150 ሚሊ ሊትር ብቻ ይጠቀም ነበር፤ ቀመሩ ወደ 200 ይጠብቃል። ኦክስጅን ቆጥቦ የሚሮጥ ሰው እንግዲህ ከእውነተኛው በላይ ይጻፍለታል፤ አባካኙም በታች። በእኔ አስተያየት ቁጥሩ የሚናገረው «በዚህ ምት በዚህ ፍጥነት ትሮጣለህ» የሚለውን ነው፤ ለሯጭ ያ ራሱ ቀላል ወሬ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው እዚህ በለመደው ፍጥነት ሲሮጥ ልቡ ይፈጥናል፤ ቁጥሩም ይወርዳል። ይህ ሙሉ በሙሉ የሰዓቱ ስሕተት አይደለም፤ በከፍታ ላይ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም በእርግጥ ይቀንሳል። የእንጦጦ ጫካ ለስላሳ አፈርና የቀትር ሙቀት ግን አቅምን ሳይነኩ ቁጥሩን ያወርዳሉ።

ስለዚህ የዛሬውን ቁጥር ከጓደኛ ቁጥር ጋር ማወዳደር ብዙ አያስኬድም። በአንድ መንገድ፣ በተቀራረበ ሰዓትና አየር፣ በአንድ የእጅ ሰዓት የተገኙ የሁለትና የሦስት ወር ቁጥሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ ግን ሊታመኑ ይችላሉ፤ የአንድ ነጥብ መውጣትና መውረድ ምንም ላይሆን ይችላል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ቤታ ብሎከር የሚወስድ ሰው ግን ስሌቱን ከነጭራሹ ቢተወው ይሻላል፤ መድኃኒቱ ምቱን ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ጣሪያውንም ከዕድሜ የሚወስደው ሰዓት የሌለ ብርታት ይጽፍለታል።