ገብሱ በ10 በመቶ ሲያንስ ትርፉ ለምን በ40 በመቶ ይወርዳል?

መንዝና ግሼ ደጋ ላይ በልግ አንዳንዴ ይዘንባል፣ አንዳንዴ ይቀራል። በ1991 ዓ.ም. የቀረበትን ጊዜ የሚያስታውሱ አሉ። በልግ ሲቀር ጉዳቱ ገበሬው ዘንድ አይቆምም፤ በአህያ ተጭኖ የሚመጣውን እህል የሚጠብቅ ወፍጮ ቤትም ይመታል። ወፍጮ ቤቱን ግን እህሉ ከቀነሰው በላይ ይጎዳዋል። ለምን?

መሐል ሜዳ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ወፍጮ አለ እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተሰጡ ናቸው። በወር 400 ኩንታል ይፈጫል፤ በኩንታል 200 ብር ያስከፍላል። ከዚያ ላይ ለመብራትና ለጥገና 50 ብር ሲወጣ 150 ብር ይተርፋል፤ በወሩ 60,000 ብር ማለት ነው። ኪራይ 10,000፣ የፈጪውና የጥበቃው ደመወዝ 14,000፣ የማሽኑ እርጅና 6,000 ብር ነው። እነዚህ ወፍጮው ዋለም አልዋለም የማይቀሩ ቋሚ ወጪዎች ናቸው። ሲቀነሱ ትርፉ 30,000 ይሆናል።

እህሉ በ10 በመቶ ቀንሶ 360 ኩንታል ቢሆን ትርፉ 24,000 ይሆናል፤ በ20 በመቶ ወረደ። ቋሚ ወጪ እንደ ዲጂኖ ነው፦ ጫፉ ትንሽ ሲነካ ወዲያ ያለው ድንጋይ ይንቀሳቀሳል። ይህ የአሠራር ሊቨሬጅ ይባላል።

አሁን ማሽኑ የተገዛው በአንድ ሚሊዮን ብር ብድር፣ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ነው እንበል። በወር 15,000 ብር ወለድ አለ። በደህናው ወር ለባለቤቱ የሚቀረው 15,000 ሲሆን፣ በ360 ኩንታሉ ወር 9,000 ብቻ ነው፤ በ40 በመቶ ወረደ። ይህ ሁለተኛው ዲጂኖ የብድር ሊቨሬጅ ነው። ሁለቱ አይደመሩም፣ ይባዛሉ፦ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ አራት። ደግ ዓመትም እንዲሁ ነው፤ እህሉ በ10 በመቶ ሲጨምር ትርፉ በ40 በመቶ ያድጋል።

አራት የሚለው ቁጥር ግን አይጸናም። ኩንታሉ እየቀነሰ ሲሄድ ማጉላቱ ይብሳል። ያለ ብድር 200 ኩንታል ወጪውን ይሸፍናል፤ ከነወለዱ ግን 300 ያስፈልጋል። 300 ላይ ትርፉ ዜሮ ነው፤ የዋናው ብድር ክፍያም ገና አልተነካም። ወፍጮው እየሠራ ባለቤቱ የሚከስረው እንዲህ ነው።

መላው አንዱን ዲጂኖ ማሳጠር ነው። ሠራተኞቹ በወር ደመወዝ ፈንታ በኩንታል 35 ብር ቢከፈላቸው በ400 ኩንታል ያው 14,000 ይሆናል። በ300 ኩንታል ግን ለባለቤቱ 3,500 ብር ይተርፋል። በ440 ኩንታል ደግሞ 21,000 ያገኝ የነበረው 19,600 ያገኛል። የመረጋጋት ዋጋው ይህ ነው፤ ከፊሉ የበልጉ ስጋትም ወደ ሠራተኞቹ ይዞራል።

ስለዚህ የብድር ውል ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉ፦ ከነወለዱ ወጪውን የሚሸፍነውን ኩንታልና በክፉው ዓመት በወር ወደ በርዎ የመጣውን ኩንታል። ሁለተኛው ካነሰ ብድሩን ይቀንሱ።